«ይክፈቱ» ወይስ «አይክፈቱ»? በመሣሪያ መመሪያ ትርጉም ላይ ስለ ግስ ምርጫ

(በተርጓሚዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፊደል ነው። ፊደሉ «አ» ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ውሃ ማፍያ የአጠቃቀም መመሪያ ተረጎምኩ። ኬትል የምንለው ነው፤ ከታች መቀመጫ፣ ከላይ ክዳን ያለው። ሥራውን አስረከብኩ። ከሳምንት በኋላ ገጹ ተቀናብሮ ለመጨረሻ እርማት ተመለሰልኝ። ያቀናበረው ሰው አማርኛ አያነብም። ዓምዱ ደግሞ ጠባብ ነው። አንዱ ቃል አልገባ ሲለው በእጁ ቆርጦ ወደ ታች አወረደው። አንዱ መስመር «ውሃው እየፈላ ክዳኑን አ» ብሎ ያልቃል። ቀጣዩ መስመር «ይክፈቱ» ብሎ ይጀምራል።

ገጹን በዓይናችሁ ሳሉት። አንባቢው ቆሞ ነው የሚያነበው። አንድ እጁ ማፍያው ላይ ነው። ዓይኑ ገጹ ላይ የሚያርፈው ለሁለት ሰከንድ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚያየው «ይክፈቱ» የሚለውን ነው። ማስጠንቀቂያው ተገልብጦ ትእዛዝ ሆነ።

ስህተቱ ሳይታተም ተያዘ። እኔን ግን አልለቀቀኝም። መስመሩን የቆረጠው ሰው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ሙሉ ማስጠንቀቂያውን አንድ ፊደል ላይ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።

እንግሊዝኛው ክልከላውን ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ በሁለት ቃል ያስቀምጠዋል። አንባቢው ገና ከመነሻው «ክልክል ነገር ሊነገረኝ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ክልከላውም ከግሱ ጋር መጨረሻ ላይ ነው። «ይክፈቱ» እና «አይክፈቱ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። «ያጥፉ» እና «አያጥፉ» እንደዚያው። አንባቢው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አድርግ ይባል አታድርግ አያውቅም።

ለአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የተዘጋጀ፣ ቀለል ያለ ቴክኒካል እንግሊዝኛ የሚባል የአጻጻፍ ደንብ አለ። በብዙ የቴክኒክ ጽሑፍ ሥራ ውስጥ የሚጠቀስ ደንብ ነው። የሥራ ቅደም ተከተል የሚነግር ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይብለጥ ይላል። የደህንነት መመሪያ ደግሞ ግልጽ በሆነ ትእዛዝ ወይም በሁኔታው ይጀምር ይላል። ለእንግሊዝኛ ጥሩ ምክር ነው። እኛ ግን በትእዛዙ መጀመር አንችልም። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው። የቀረልን ሁለተኛው መንገድ፣ በሁኔታው መጀመር ነው። ስለዚህ የግሱን መልክም፣ ከግሱ በፊት የሚመጣውንም ራሳችን አስበን መምረጥ አለብን።

በመልኩ ልጀምር።

አንድን ሰው ክዳን ክፈት ለማለት አማርኛ አራት መንገድ አለው። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»፣ «ክፈቱ»፣ «ይክፈቱ»። ከነዚህ ውጭ አምስተኛ አለ፤ «መክፈት» የሚለው ንኡስ አንቀጽ። ብዙ ተርጓሚ የሚወዛገበው በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ነው። «ክዳኑን ይክፈቱ» ልበል ወይስ «ክዳኑን መክፈት»?

«መክፈት» ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከምንጩ ነው። የጀርመንና የፈረንሳይ መመሪያዎች ትእዛዝን በንኡስ አንቀጽ መጻፍ የለመደባቸው ናቸው። እዚያ አንባቢው ንኡስ አንቀጹን ሲያይ ትእዛዝ መሆኑን በልማድ ያውቃል። የነሱን መመሪያ የሚተረጉም ሰው መልኩን ይዞ ይመጣና እንዲህ ይጽፋል፦

«ክዳኑን መክፈት። ውሃ መሙላት። ክዳኑን መዝጋት።»

ሲታይ ንጹሕ ነው። ጾታ የለውም፣ አንቱታ የለውም፣ አጭር ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ወድጄው ነበር። ችግሩ በአማርኛ «መክፈት» ስም መሆኑ ነው። የሥራው ስም ነው። «ክዳኑን መክፈት» ብላችሁ ዝም ስትሉ ጆሮ ይጠብቃል። መክፈት ምን? መክፈት ያስፈልጋል? መክፈት ይቻላል? ወይስ መክፈት ክልክል ነው? ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ገና አልመጣም። ያ ያልመጣው ግስ ደግሞ ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ሁላችንም እናውቃለን። «ክልክል ነው» የሚለውን ብትቆርጡት የሚቀረው «ማጨስ» ብቻ ነው። ያ ከልካይ ነው ወይስ ፈቃጅ?

በአሉታው ይብሳል። «ውሃ ውስጥ አለመንከር» ተብሎ የተጻፈ አይቻለሁ። ከሪፖርት ላይ የተወሰደ ይመስላል። አንድ ሰው ስላላደረገው ነገር የሚተርክ ነው። ማንንም አያስቆምም።

ይህን ስል ንኡስ አንቀጽ ከመመሪያ ይውጣ ማለቴ አይደለም። የራሱ ቦታ አለው። ለርዕስ ግሩም ነው። «ማጽዳት»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ መጠቀም»፣ «ማስቀመጥ» የሚሉ ርዕሶች ሥራውን ይሰይማሉ፤ ርዕስ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። «ከማጽዳትዎ በፊት» ሲባልም ቦታው ነው። በማፍያው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትሰይሙ ግን ከንኡስ አንቀጽም የተሻለ አለ። «ማብራት» ድርጊቱ ነው፤ «ማብሪያ» ዕቃው ነው። «ማብሪያውን ይጫኑ» ስትሉ ጣት ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። መሣሪያው፣ ድርጊቱና ትእዛዙ ሦስት የተለያየ መልክ ሲኖራቸው አንባቢው አይምታታም።

ስለዚህ ለእርምጃዎቹ የቀሩን አራቱ ትእዛዞች ናቸው። «ክፈት» ወንድ ብቻ ነው የሚያዝዘው። «ክፈት/ክፈቺ» እያሉ መጻፍ ገጹን ያቆሽሸዋል፤ በየመስመሩ ሁለት ቃል ማንበብ ነው። «ክፈቱ» ለብዙ ሰው የተነገረ ይመስላል፤ ማፍያውን የያዘው ግን አንድ ሰው ነው። «ይክፈቱ» ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም ሳያስቀይም ያዝዛል። እኔ በዚህ ላይ አላመነታም። እርምጃ ሲሆን «ይክፈቱ» ነው። ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስተኛው እርምጃ «ይሙሉ» ብሎ አራተኛው «መዝጋት» ሲል አንባቢው የአራተኛው ትርጉም የተለየ ይመስለዋል። መልክ ሲለወጥ ሰው ምክንያት ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ «ይክፈቱ» በነጻ አይገኝም። ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንዱን አይተናል፤ አሉታው አንድ ፊደል ነው። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም። «ይክፈቱ» ማለት «እርስዎ ይክፈቱ» ብቻ አይደለም። «እነሱ ይክፈቱ» ማለትም ነው። መልኩ አንድ ነው።

ይህ የት እንደሚጎዳ ላሳያችሁ። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ደህንነት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይ ኢ ሲ 60335 ይባላል። በመመሪያ ውስጥ መካተት ያለባቸውን አንዳንድ ማሳወቂያዎች ይዘረዝራል። በአውሮፓው ቅጂ ስለ ልጆች የሚናገር ክፍል አለ። ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች የሚጠብቃቸው ወይም የሚያስረዳቸው ካለና አደጋውን ከተረዱ መሣሪያውን መጠቀም ይችላሉ ይላል። ቀጥሎ ልጆች በመሣሪያው መጫወት እንደሌለባቸው፣ ያለ ጠባቂም ማጽዳት እንደሌለባቸው ይናገራል። መጀመሪያ ስተረጉመው እንዲህ ወጣ፦

«ልጆች በመሣሪያው አይጫወቱ። ያለ ጠባቂ አያጽዱ። ገመዱን አይንኩ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ልጆች ነው። ሁለተኛውስ? ልጆች አያጽዱ ነው ወይስ እርስዎ አያጽዱ? ሦስተኛውስ? አንዱ አንባቢ ሦስቱም ስለ ልጆች ነው ብሎ ገመዱን ራሱ እንደልቡ ይነካል። ሌላው ከሁለተኛው ጀምሮ ለኔ ነው ይልና ብቻዬን ማጽዳት አልችልም ማለት ነው ብሎ ግራ ይጋባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል።

የሚያነበው ልጁ አይደለም፤ አዋቂው ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ለአዋቂው ይሁን። «ልጆች በመሣሪያው እንዲጫወቱ አይፍቀዱ። ልጆች መሣሪያውን የሚያጸዱት አዋቂ አጠገባቸው ሲኖር ብቻ ነው።» አሁን ኃላፊው ይታወቃል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «ያለ» እና «አያጽዱ» የሚሉትን ሁለት አሉታዎች በአንድ «ብቻ» ተካቸው። ስለ ገመዱ የሚለው ከዚህ አንቀጽ ወጥቶ ራሱን ችሎ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ይክፈቱ» እና «ይከፈቱ» ይለያያሉ። በሳድሱ «ክ» ሲጻፍ አንባቢው ይከፍታል፤ በግዕዙ «ከ» ሲጻፍ ዕቃዎቹ ራሳቸው ይከፈታሉ። «ይንቀሉ» እና «ይነቀሉ» እንደዚያው። ለእርማት ስትቀመጡ እነዚህን አንድ በአንድ ፈልጉ። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አያገኛቸውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው።

አሁን ወደ ክልከላ ልምጣ። ብዙ መመሪያ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት «የለብዎትም» የሚለውን ቃል ከማስጠንቀቂያ አውጡት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ላንብብላችሁ። «በእርጥብ እጅ ሶኬት መንካት የለብዎትም።» «ማፍያውን በየቀኑ ማጽዳት የለብዎትም።» የመጀመሪያው ክልክል ነው ይላል። ሁለተኛው ግዴታ አይደለም ይላል። ቃሉ አንድ ነው። አንባቢው የሚለየው ከራሱ እውቀት ነው። ስለ መሣሪያው እውቀት ቢኖረው ግን መመሪያውን ባላነበበ ነበር። ክልከላ ከሆነ «አይንኩ» በሉ። ግዴታ ካልሆነ «አያስፈልግም» በሉ። «አይቻልም» የሚለውም ተመሳሳይ በሽታ አለበት፤ አይሠራም ማለት ነው ወይስ አልተፈቀደም? «አይመከርም» ደግሞ ሕይወት ለሚያጠፋ ነገር አይሆንም። ያልተመከረን ነገር ሰው ቸኩሎ ያደርገዋል። «እባክዎ» የሚለውን ለማስጠንቀቂያ አልጠቀምበትም። ከምንጩ ስለተገኘ ብቻ ይገለበጣል። አንቱታው ግሱ ውስጥ ስላለ አክብሮት አይጎድልም፤ «እባክዎ» ሲጨመር ትእዛዙ ልመና ይሆናል።

ቀጥሎ ቦዝ አንቀጽ። «ዘግቶ»፣ «ነቅሎ»፣ «አጥፍቶ» የምንላቸው። ለቅደም ተከተል ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለንም። «ማፍያውን አጥፍተው፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ያጽዱ።» ቀድሞ የሚሠራው ቀድሞ ተነገረ። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ከማጽዳትዎ በፊት» የሚለውን ወደ ኋላ ስለሚወረውረው አንባቢው መቼ መንቀል እንዳለበት የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

ግን ቦዙን ከአሉታዊ ግስ ጋር አንድ ላይ አታስሩት። ይህን ስሙ፦ «ገመዱን ነቅለው ውሃ ውስጥ አይንከሩ።» ምን ተከለከለ? መንከር ብቻ ነው? ነቅሎ መንከር ነው? ሳይነቅሉ ቢነክሩትስ? መጨረሻ ላይ ያለው «አይ» ወደ ኋላ ተስቦ «ነቅለው»ን ይነካው አይነካው አይታወቅም። በንግግር ድምፃችን ይለየዋል። በጽሑፍ የሚለየው የለም። ስለዚህ ለሁለት ይከፈል። «ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ማፍያውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ።» ለራሴ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው። አሉታዊ ግስ ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦዝ አላስገባም። በአዎንታ ሲሆንም ከሁለት ቦዝ አላልፍም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቆጠራው ይጠፋበታል።

አሁን አንድ ሙሉ ማስጠንቀቂያ አብረን እንሥራ። ከዚያው ከ60335 የመጣና በብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ውስጥ የምታገኙት ነው። ስለተጎዳ ገመድ ይናገራል። ቃል በቃል ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦

«የኃይል አቅርቦት ገመዱ ጉዳት ከደረሰበት አደጋን ለማስወገድ ሲባል በአምራቹ፣ በአገልግሎት ወኪሉ ወይም ተመሳሳይ ብቃት ባላቸው ሰዎች መተካት አለበት።»

ምንም ስህተት የለበትም። አስተካካዩም ያሳልፈዋል። እኔ ግን ለአንድ ዘመዴ አነበብኩለትና «ገመዱ ተልጦ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «ባለሙያ እፈልጋለሁ» አለ። «እስከዚያስ?» አልኩት። «እስከዚያማ እጠቀምበታለሁ» አለ።

ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ማን ይቀይረው የሚለውን ነው የመለሰው። አትጠቀም አላለም። ዘመዴ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። «መተካት አለበት» የሚለው ስለ ገመዱ ነው፤ ለአንባቢው የተሰጠ ሥራ የለም። «ጉዳት ከደረሰበት» ሲባልም ምን ዓይነት ጉዳት? ትንሽ የተላጠ ገመድ ለብዙ ሰው ጉዳት አይደለም፤ በፕላስተር የሚጠቀለል ነገር ነው። «አደጋን ለማስወገድ ሲባል» ደግሞ አደጋው ምን እንደሆነ ሳይናገር መካከል ገብቶ ግሱን የበለጠ ያርቀዋል።

እንደገና ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«ገመዱ ከተላጠ፣ ከተቆረጠ ወይም ከቀለጠ ማፍያውን አይጠቀሙ። ኤሌክትሪክ ሊይዝዎትና ሊገድልዎት ይችላል። ገመዱን ራስዎ አይቀይሩ። አምራቹ፣ የአምራቹ የጥገና ክፍል ወይም ተመሳሳይ ሙያ ያለው ሰው ይቀይረው።»

አንዱ አራት ሆነ። ረዘመ? በቃላት ቁጥር ትንሽ ረዝሟል። ለማንበብ ግን አጠረ። ሁኔታው ከፊት ነው፤ ዓይን የሚያየው ነገር ነው፤ መላጥ፣ መቆረጥ፣ መቅለጥ። ከዚያ ክልከላው። ከዚያ ምን እንደሚደርስ። «ኤሌክትሪክ ያዘው» ነው የምንለው፤ «የኤሌክትሪክ ንዝረት አደጋ» የሚለው ጽሑፍ ላይ እንጂ አፍ ላይ የለም። ማን ይቀይረው የሚለው መጨረሻ ላይ መጣ፤ አንባቢው ያንን ጥያቄ የሚጠይቀውም መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ያለብን አንድ ቦታ አለ። «አይጠቀሙ» የሚለው ምንጩ ውስጥ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። የደህንነት ጽሑፍ የሕግ ሰነድም ነው፤ ተርጓሚ በራሱ ፈቃድ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። ስለዚህ ለአሠሪዬ ጻፍኩ። አንባቢው እንዴት እንደተረዳው ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ ይጽደቅልኝ አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ፈቀዱ። ባይፈቅዱ ኖሮ ምንጩ ያለውን ብቻ፣ ግን በአጭር ዓረፍተ ነገሮች ከፍዬ አስቀምጠው ነበር። የምንጩን ክፍተት ተርጓሚ ማሳየት ይችላል፤ በዝምታ መሙላት ግን የሱ ሥራ አይደለም።

ስለ ማስጠንቀቂያ ቃላት ደረጃም ልናገር። አንሲ ዜድ 535.6 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በመመሪያዎች ውስጥ የሚገቡ የደህንነት መልእክቶችን ይመለከታል። አራት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው ካልተጠነቀቁ የሚገድል ወይም ክፉኛ የሚጎዳ ነገር ነው። ሁለተኛው ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ የሚችል ነው። ሦስተኛው ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነው። አራተኛው ሰው ሳይሆን ንብረት የሚበላሽበት ነው። እኔ በቅደም ተከተል «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ» እና «ማሳሰቢያ» እላቸዋለሁ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። አማርኛ አንባቢ «ማስጠንቀቂያ» እና «ጥንቃቄ» ሲል የደረጃ ልዩነት አይሰማውም። ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው፤ መጠንቀቅ። የትኛው እንደሚብስ ብትጠይቁት ይገምታል። ስለዚህ ክብደቱን ቃሉ ብቻውን አይሸከመውም። ክብደቱን የሚሸከመው የሚደርሰውን ነገር የሚናገረው ግስ ነው። «ይገድላል»፣ «ሊገድል ይችላል»፣ «ሊያቃጥልዎ ይችላል»፣ «ማፍያው ሊበላሽ ይችላል»። እነዚህን ማንም ያበላልጣቸዋል። ከርዕሱ ቃል ይልቅ በዚህ ግስ ላይ ጊዜ አጥፉ። ምንጩ «ሊሆን ይችላል» ካለ «ይሆናል» አትበሉ፤ «ይሆናል» ካለም አታለዝቡት። አራቱን ቃላት ደግሞ በአንድ መመሪያ ውስጥ አታቀያይሯቸው። በተለይ «ማሳሰቢያ»። ስለ ዋስትና ካርድ የሚናገር ማስታወሻ ላይ ያየውን ቃል አንባቢው ገዳይ ነገር ላይ ቢያየው ዘሎት ያልፋል።

የሚደርሰውን ነገር ስትናገሩ አማርኛ ያለውን ቃል ተጠቀሙ። ለማፍያ የሚሰጥ የታወቀ ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃው ከመጠን በላይ ከሞላ የፈላው ውሃ ሊወጣ ይችላል የሚል ነው። «የፈላ ውሃ ሊወረወር ይችላል» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። ማን ወረወረው? እኛ «ገነፈለ» የሚል ቃል አለን። ድስት አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «‹ማክስ› ከሚለው መስመር በላይ ውሃ አይሙሉ። ሲፈላ ገንፍሎ ሊያቃጥልዎ ይችላል።» «መንተክተክ» የሚለውም እንደዚያው። «የመፍላት ሂደቱ እስኪጠናቀቅ» ከማለት «መንተክተኩን እስኪያቆም» ማለት በጆሮም በዓይንም የሚታወቅ ምልክት መስጠት ነው።

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ፤ ወደተቆረጠችው «አ»።

ለአቀናባሪው በአማርኛ ቃል መካከል መስመር እንዳይቆርጥ ነገርኩት። ዓረፍተ ነገሩንም ለወጥኩት። «በፍጹም» ይግባ አልኩ። «ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ» ሲባል ፊደሏ ብትጠፋ እንኳ «በፍጹም ይክፈቱ» ለጆሮ ይጎረብጣል፤ አንባቢው ቆም ይላል። ቃሉ ግሱ ከመድረሱ በፊት ክልከላ እየመጣ እንደሆነ ያሳውቃል። ነገር ግን ቆጥቡት። በየመስመሩ «በፍጹም» ካለ የሚሰማው የለም። በዚያ መመሪያ ውስጥ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያስገባሁት።

ከዚያ ባዶ፣ ከሶኬት የተነቀለ ማፍያ ይዤ ሦስት ሰዎች ጋ ሄድኩ። ዕቃውን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ማስጠንቀቂያውን አንዴ ብቻ አነበብኩላቸው። «ገባችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሌም መልሱ «አዎ» ነው። «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። ሁለቱ እጃቸውን ከክዳኑ ላይ አነሱ። ሦስተኛዋ እጇን አነሳችና «ታዲያ መቼ ነው የምከፍተው?» አለችኝ።

ያ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ያልጠየቁት፣ እኔም ያላሰብኩት ነው። እንደገና አሠሪዬን አስፈቅጄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። የታተመው እንዲህ ነው፦

ማስጠንቀቂያ፦ የሚያቃጥል እንፋሎት
ውሃው እየፈላ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ።
እንፋሎቱ ፊትዎንና እጅዎን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።
ማፍያው ጠፍቶ ውሃው መንተክተኩን እስኪያቆም ይጠብቁ።
ከዚያ ክዳኑን ይክፈቱ።